ስታቢላይዘር እስክስታ አያውቅም

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚደርሱኝን የሰርግ ቪዲዮዎች ልብ ብዬ ሳያቸው አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ሙሽሮቹ ረጋ ብለው ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ግን ይተነፍሳል። መጋረጃው ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስል ይወላወላል፤ የበሩ መቃን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያዘነብላል። አዳራሹ ምንም አልሆነም። ቪዲዮውን የቀረጸው ልጅ እጁ ተንቀጥቅጦበት ስለነበር Stabilize የምትለዋን ነገር ነክቷታል፤ መጠኑንም እስከ መጨረሻው ወስዶታል። በቃ፣ የእጁ መንቀጥቀጥ ጠፋ፤ በምትኩ ግድግዳው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እኔ የምለው፣ ይሄ ንግድ ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። የእጅን መንቀጥቀጥ ተመልካች ይቅር ይላል፤ የግድግዳን መንቀጥቀጥ ግን አይልም። ምክንያቱም ሰው እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃል። እሱም ሲራመድ ጭንቅላቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዓለም ሲወዛወዝ አይቶ ያውቃል። የሚለጠጥ ግድግዳ ወይም ጉንጩ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ሙሽራ ግን በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ዓይኑ ወዲያው እዚያው ላይ ይቀራል፤ ሙሽሮቹን መመልከት ይተዋል።

ታዲያ ስታቢላይዘር አትጠቀሙ ልል ነው? አይደለም። መቼ እንደሚጠቅምና መቼ ከበሽታው የባሰ መድኃኒት እንደሚሆን ለማወቅ፣ ውስጡ ምን እንደሚሠራ መረዳት ይበቃል። ነገሩ ከባድ አይደለም።

አንድ ትልቅ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ፣ መሃሉ የተቀደደ ካርቶን ከላዩ አስቀመጣችሁ እንበል። በቀዳዳው የሚታየው የፎቶው ክፍል ብቻ ነው። ከስር ያለው ፎቶ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ካርቶኑንም አብራችሁ ወደ ቀኝ ከወሰዳችሁት፣ በቀዳዳው የሚታየው ነገር ያልተንቀሳቀሰ ይመስላል። ስታቢላይዘር የሚያደርገው በመሠረቱ ይህንን ነው። እያንዳንዱን ፍሬም ያያል፣ ካሜራው ወዴት እንደሸሸ ይገምታል፣ ከዚያ መስኮቱን አብሮ ያሸሻል። መስኮቱ እንዲንቀሳቀስ ደግሞ ዙሪያውን ትርፍ ቦታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጠርዙን ይቆርጥና የቀረውን አጉልቶ ስክሪኑን ይሞላዋል።

መንቀጥቀጡ ትንሽ ከሆነ ወጪው ትንሽ ነው። ምስሉን ወደ 106 በመቶ ማጉላት ቢያስፈልገው፣ ከጠቅላላው ምስል የምታጡት ከመቶ 11 እጁን ያህል ነው፤ ማንም አያስተውለውም። መንቀጥቀጡ ብዙ ከሆነና ወደ 130 በመቶ ማጉላት ግድ ካለው ግን፣ ከመቶ 41 እጁ ተቆርጦ ይሄዳል። ዳር የቆሙት ሚዜዎች ጠፉ ማለት ነው። 1920 በ1080 የነበረው ቪዲዮ የቀረው እውነተኛ ዝርዝር 1477 በ831 ገደማ ነው፤ ሌላው ተለጥጦ የተሞላ ነው።

ይሄ የሚታየው ወጪ ነው። የማይታዩት ሦስት ችግሮች ናቸው የባሱት።

የመጀመሪያው ብዥታ ነው። ካሜራ አንዱን ፍሬም ለማንሳት የተወሰነ ጊዜ ብርሃን ይሰበስባል። ጠራራ ፀሐይ ላይ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ሊበቃው ይችላል። ማታ አዳራሽ ውስጥ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ስትቀርጹ፣ እስከ ሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ድረስ ሊጎትተው ይችላል። በዚያች ቅጽበት እጃችሁ ከተንቀሳቀሰ፣ ያ ፍሬም ራሱ ተጎትቶ ይወጣል፤ የሻማው ነበልባል መስመር ይሆናል፣ የሰው ዓይን ሁለት ይሆናል። ስታቢላይዘሩ ፍሬሙን ወደ ቦታው ይመልሰዋል እንጂ ውስጡ ያለውን ብዥታ አያነሳውም።

ውጤቱን ልብ በሉ። ሰው ሲራመድ በሰከንድ ሁለት እርምጃ ያህል ይራመዳል። እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ስልኩ ይናጣል፤ ስለዚህ በየ15ቱ ፍሬም ሁለት ሦስቱ ደብዝዘው ይወጣሉ። ቪዲዮው ሳይነካ በፊት ይሄ አይታወቅም፤ ምስሉ ስለተናጠ ደበዘዘ፣ ምክንያቱ ፊት ለፊት ይታያል። ንጠቱን ስታጠፉት ግን ብዥታው ምክንያት አጥቶ ይቀራል። ፍጹም የረጋ ምስል በየግማሽ ሰከንዱ ጥርት፣ ደብዘዝ፣ ጥርት፣ ደብዘዝ ይላል። ተመልካቹ ስልኩ የተበላሸበት ወይም ዓይኑን ያመመው ይመስለዋል። ይሄን ደግሞ የትኛውም የስታቢላይዘር መጠን አያስተካክለውም። አይፎን 14 ላይ የመጣው Action mode እንኳን ብርሃን ሲያንሰው ስክሪኑ ላይ More light required ብሎ ይነግራችኋል። አምራቹ ራሱ ገደቡን እያመነ ነው።

ሁለተኛው ችግር ቅርብና ሩቅ ነው። ቆማችሁ እጃችሁ ብቻ ሲንቀጠቀጥ፣ ቅርብ ያለውም ሩቅ ያለውም ከሞላ ጎደል አብረው ይናጣሉ። ስለዚህ ሙሉውን ምስል ወዲያ ወዲህ ማሸሽ ይበቃል። ስትራመዱ ግን ነገሩ ይለያል። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ በመስኮት ስታዩ የመንገዱ ዳር ምሰሶ ሽው ብሎ ያልፋል፤ እንጦጦ ግን ባለበት ነው። አዳራሽ ውስጥ በጠረጴዛዎች መካከል ስታልፉም እንደዚያው ነው፤ አጠገባችሁ ያለው ወንበር ብዙ ይሸሻል፣ የመድረኩ ግድግዳ ጥቂት ይሸሻል። አንድ ወጥ ማሸሽ ሁለቱን ሊያረጋጋ አይችልም። ኃይለኞቹ ስታቢላይዘሮች ምን ያደርጋሉ? ምስሉን እንደ ጎማ ወረቀት ይቆጥሩና እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ይጎትቱታል። ግምታቸው ሲሳካ ተአምር ነው። ሲሳሳት ነው ግድግዳው መተንፈስ የሚጀምረው።

በዚህ ላይ የስልካችን ሴንሰር ሌላ ጣጣ ይጨምራል። ምስሉን በአንዴ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። ስልኩ በፍጥነት ሲናጥ የላይኛው መስመርና የታችኛው መስመር ትንሽ በተለያየ ጊዜ ስለሚነበቡ ቀጥ ያለው ምሰሶ ያጋድላል፤ ንጠቱ ሲደጋገም ደግሞ ምስሉ እንደ ጄሊ ይርገበገባል። መንቀጥቀጡ እያለ ይሄ ተሸፍኖ ያልፋል። መንቀጥቀጡ ሲጠፋ ብቻውን አደባባይ ይወጣል።

ሦስተኛው ለእኛ ሰርግ ልዩ ነው፤ ርዕሱንም ያወጣሁት ከእሱ ነው። ብዙዎቹ የኤዲቲንግ አፖች ካሜራው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ የሚያውቁት ምስሉን ብቻ አይተው ነው። ምስሉ ላይ ጎላ ያሉ ነጥቦች ይመርጣሉ፤ ጥግ ያለው፣ ቀለሙ ከአካባቢው የሚለይ፣ በቀላሉ የሚለይ ነገር። ከዚያ እነዚያን ነጥቦች ከፍሬም ፍሬም ይከተላሉ፤ አብዛኞቹ አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ "ካሜራው ነው የተንቀሳቀሰው" ይላሉ።

እንግዲህ እስክስታ የሚወርዱ ሦስት ሴቶች ስክሪኑን ሞልተውታል እንበል። የሐበሻ ቀሚሳቸው ጥለት በቀለም የደመቀ፣ በጥግና በመስቀል የተሞላ ነው፤ ለአፑ ከዚያ የተሻለ ነጥብ የለም። ከኋላቸው ያለው የአዳራሹ ግድግዳ ደግሞ ልሙጥ ክሬም ቀለም ነው፤ የሚያዝ ነገር የለውም። አፑ ምን ይደመድማል? የማይንቀሳቀሰው ትከሻው ነው፣ የሚንቀሳቀሰው አዳራሹ ነው! ስለዚህ ትከሻውን ሊያረጋጋ ይታገላል። እስክስታው ይሞታል፤ መብራቱና መድረኩ እስክስታ ይወርዳሉ። ትከሻ በፍጥነት ሲንቀጠቀጥና እጅ ሲንቀጠቀጥ ለአፑ አንድ ነው። ውዝዋዜ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ስልኩ እየቀረጸ ሳለ የሚያደርገው ማረጋጋት በዚህ አይታለልም። እሱ የሚለካው በጋይሮስኮፕ የስልኩን የራሱን እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ ፊት ለፊቱ ማን ቢጨፍር ግድ የለውም። ለዚህ ነው በቀረጻ ጊዜ የሚደረገው ማረጋጋት በኋላ በአፕ ከሚደረገው ብዙ ጊዜ የሚታመነው።

እስቲ አንድ ቪዲዮ ይዘን እንሂድ። አንድ የሰፈሬ ልጅ የእህቱን ሰርግ የቀረጸውን 52 ሰከንድ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ይህቺን ያስተካክሉልኝ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ መምጣት አልቻለችም፤ የምታየው ይህንኑ ነው" አለኝ። አፕ ላይ መጠኑን ሙሉ አድርጎ ሞክሮት ነበር፤ እህቱ ስታየው "ፊቴ ምን ሆኖ ነው?" ብላ እንዳልተወደደላት ነገረኝ። ለአክስቱ ያንን መላክ አልፈለገም፤ የተንቀጠቀጠውንም መላክ አፍሯል።

ኮምፒውተር ላይ DaVinci Resolve ውስጥ ከፈትነው። ነጻው ቅጂ ለዚህ ይበቃል። መጀመሪያ ያደረግነው ማረጋጋት ሳይሆን መቁረጥ ነው። 52ቱ ሰከንድ በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ ቢሆንም ውስጡ ግን ሦስት የተለያየ ነገር አለ። እስከ 15ኛው ሰከንድ ልጁ ከአዳራሹ ጀርባ ቆሞ ሙሽሮቹን በዙም ይዟቸዋል። ከ15 እስከ 35 በጠረጴዛዎቹ መካከል ወደ ጭፈራው ይራመዳል። ከዚያ በኋላ እስክስታው መሃል ገብቷል። ሳይቆረጥ ሙሉውን ቢያረጋጋው፣ ፕሮግራሙ የሚያጎላው በጣም ለተናጠችው ሰከንድ በሚበቃ ልክ ነው። አንዲት መጥፎ ሰከንድ የ52ቱን ሰከንድ ጠርዝ ትበላለች።

የመጀመሪያው 15 ሰከንድ ለስታቢላይዘር የተፈጠረ ነው። ልጁ ቆሟል፣ መድረኩ በደንብ በርቷል፣ ሙሽሮቹ ሩቅ ናቸው። መንቀጥቀጡ የሚያስጠላው ዙሙ ስላጎላው ብቻ ነው። ሦስት ምርጫ አለ፦ Translation ምስሉን ማሸሽ ብቻ ነው፤ Similarity ማሸሽን፣ ማዞርንና ማጉላትን ይጨምራል፤ Perspective ደግሞ ምስሉን እንደ ጠረጴዛ ገጽ ያዘነብላል። Similarity መረጥን። ማጉላቱ 106 በመቶ ገደማ ላይ ቆመ። የመድረኩ ምሰሶዎች ቀጥ እንዳሉ ናቸው፣ የሙሽራዋ ፊት ንጹህ ነው። እዚህ ጋ ሳይረጋጋ መላክ ስንፍና ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው ፈተናው። በPerspective ሙሉ ኃይል ስንሞክረው ማጉላቱ 130 በመቶ አለፈ፤ ቅርብ ያሉት ወንበሮች ተለጠጡ፣ በየእርምጃው ያ ጥርት ደብዘዝ የሚለው ብዥታ ብቅ አለ። ወደ Translation ወርደን Strength የሚለውን ከ1.0 ወደ 0.4 ገደማ ዝቅ አደረግነው። እርምጃው አሁንም ይታወቃል፤ ግን ያንገጫግጭ የነበረው ለስልሷል፣ ብዥታውም ንጠቱ ስላለ ምክንያቱን አገኘ። "አሁንም ይንቀጠቀጣል እኮ" አለ ልጁ። "እየተራመድክ ነው እኮ!" አልኩት። ተመልካቹም ይሄንኑ ያውቃል። ከ20 ሰከንዱ ደግሞ 12ቱን ቆርጠን ጣልነው፤ ወንበር ብቻ ነበር የሚታይባቸው። መጥፎ ሰከንድን መቁረጥ ብዙ ጊዜ ከማረጋጋት ይሻላል።

እስክስታውን አልነካነውም። ከበሮ አለ፣ ሁሉም ይንቀሳቀሳል፣ ቀራጩም ራሱ እየጨፈረ ነው። ካሜራው ከምቱ ጋር መወዛወዙ ስሜቱን ይነግራል እንጂ አይደብቅም።

አንድ ነገር ቀረን፤ መገጣጠሚያው። አንደኛው ክፍል ጎልቷል፣ ሦስተኛው አልጎላም። በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ ቪዲዮ መሃል ላይ ምስሉ ድንገት ሲሰፋ ዘለለ ይመስላል። ከእርምጃው የጣልነው 12 ሰከንድ እዚህ ላይ ጠቀመን፤ ቦታው ስለተቀየረ መጠኑ መቀየሩን ማንም አያውቅም። መቁረጥ በማይቻልበት ጊዜ ያልተረጋጋውንም በዚያው ልክ፣ ለምሳሌ 106 በመቶ፣ በእጅ ማጉላት መፍትሔ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ሚዛን አንድ ነው። እንዲታይ የተፈለገው ነገር ቆሞ ካሜራው ብቻ ከተናጠ፣ አረጋጉ። ዙም ተደርጎ የተቀረጸ፣ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው፣ የሚነበብ ጽሑፍ፤ እነዚህ ላይ መንቀጥቀጥ ያደክማል፣ አንዳንዱን ሰው ያጥወለውለዋል፤ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ካሜራውም ሰውየውም አብረው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ፣ ብርሃኑ ካነሰ፣ ቅርብና ሩቅ ነገር ከተደባለቀ፣ ወይም ሰው ፍሬሙን ከሞላው ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

ለመፈተሽ ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም። ድምፁን አጥፉና ሰውየውን ትታችሁ ጠርዙን ተመልከቱ፤ የበር መቃን፣ ምሰሶ፣ የጣሪያ መስመር፣ የስዕል ክፈፍ። ጠንካራ መሆን ያለበት ነገር አንዴ እንኳን ከተለጠጠ መጠኑን ቀንሱ። ቀጥሎ ፊትን ተመልከቱ፤ ፊት ወደ ምስሉ ዳር ሲጠጋ ጉንጩ የሚሳብ ከሆነ ቀንሱ። በመጨረሻም ቪዲዮውን አይቶት ለማያውቅ ሰው ስጡት፤ ምንም ሳትነግሩት። ስለ ሰርጉ ካወራ ተሳክቷል። "ምስሉ ምን ሆኖ ነው?" ካለ አልተሳካም። መንቀጥቀጡን ካስተዋለና ማየቱን ከቀጠለ ግን፣ እመኑኝ፣ አልተበላሸም። የሚታይበትንም ስክሪን አስቡበት፤ በስልክ የማይታወቅ ልጥጠት አክስት ሳሎን ውስጥ ባለው ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

በኋላ ከመታገል ደግሞ በቀረጻው ጊዜ ጥቂት ትርፍ መተው ይሻላል። ለማረጋጋት ካሰባችሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ሰፋ አድርጋችሁ ቅረጹ፤ የሚቆረጠው ጠርዝ ከሚዜዎቹ ሳይሆን ከግድግዳው ይሆናል። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ለጥፉ። ብርሃን ካለበት ጎን ቁሙ፤ ብርሃን ሲጨምር ፍሬሙ በአጭር ጊዜ ይነሳል፣ ብዥታው ከሥሩ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ብቻ ግን አጥብቄ እላለሁ፤ ዋናውን ቅጂ አታጥፉ። የተቆረጠ ጠርዝ ተመልሶ አይመጣም፤ የተለጠጠ ፊትም ከተረጋጋው ቅጂ ተመልሶ አይቃናም። የተንቀጠቀጠው ፋይል ግን ነገ በተሻለ ፕሮግራም ሊሞከር ይችላል፤ ሰርጉ ግን አይደገምም።

ያ ልጅ ለአክስቱ የላከው በመጨረሻ 40 ሰከንድ ነው። ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የማንም ጉንጭ ግን አልተለጠጠም፤ ትከሻውም በራሱ ምት ይመታል።